የቦይለሩ መርፌ 0.5 ላይ ለምን ይቆማል? ከጅማ የተነሳ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ጥያቄውን ያቀረቡት ጅማ ውስጥ ወደ ጅረን በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ቦይለር አላቸው። ቦይለሩ የሚያሞቀው ውሃ እንግዶቹ የሚታጠቡበት አይደለም፤ በዝግ መስመር ውስጥ እየዞረ የመታጠቢያውን ውሃ የያዘውን ታንክ ከውስጥ ያሞቅና በየክፍሉ ያሉትን የፎጣ ማድረቂያ ራዲያተሮች አልፎ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ ይገባል። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቦይለሩ ተቆልፎ ይገኛል፤ ስክሪኑ ላይ 108 የሚል ቁጥር ይታያል፤ የግፊት መለኪያው መርፌም 0 ላይ ተኝቷል። የመሙያውን ቫልቭ ሲከፍቱ መርፌው ቀስ እያለ ይነሳና 0.5 ባር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁም አያልፍም። ከመንገዱ ዋና ቧንቧ ውሃ በሚመጣበት ቀን ግን ያለ ችግር ወደ 1.5 ይወጣል፣ ቦይለሩም ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ በማግስቱ ጠዋት እንደገና 0 ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን ወይስ ቫልቩ፣ ደግሞስ በ0.5 ማሠራት ይቻል እንደሆነ ነበር የጠየቁት።

ይህን ክር፣ ማለትም የጥያቄውንና የምላሾቹን ተከታታይ ጽሑፍ፣ እዚህ በተራ የምተርከው፣ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለተሸሸጉበትና መላሾቹም እነዚያን ሁለቱን ለይተው እስኪያወጡ ድረስ ብዙ ስለተከራከሩበት ነው። ውሃው ለምን ከ0.5 አያልፍም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የተሞላው ውሃ ሌሊቱን የት ይሄዳል የሚለው ደግሞ ሌላ ነው።

በ1ኛው ምላሽ አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ በትሕትና ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ክረምት ላይ የጅማ ውሃ ደፍራሽ ስለሚሆን የመሙያው ቫልቭ ወንፊት በጭቃ ተደፍኖ መሆን አለበት ብሏል። ወንፊቱን ፈትታ እንድታጸዳ ለእህቱ እንደሚመክር ሰው ነው የጻፈው። ጠያቂዋ በ2ኛው መልሰው፣ ወንፊቱን እንዳጸዱና ቱቦውን ከቦይለሩ አላቅቀው ባልዲ ውስጥ ሲለቁት ባልዲው በአጭር ጊዜ እንደሚሞላ አስታወቁ። ይህ ምልከታ በኋላ ለተገኘው መልስ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ውሃ በደንብ የሚፈስበት ቱቦ የተደፈነ አይደለም፤ የጎደለው የውሃው ብዛት ሳይሆን የሚገፋው ኃይል ነው።

3ኛው ምላሽ ጥያቄውን በሌላ መንገድ የተረዳ ሰው ነው። አጂፕ አካባቢ ካፌ አለው፤ የማኪያቶ ማሽኑ መለኪያ ሁልጊዜ 1 ላይ እንደሚቆምና ጠዋት ከመለኮሱ በፊት ደግሞ 0 እንደሚሆን፣ ይህም ለዓመታት ችግር እንዳላመጣበት ነገራቸው። ስለዚህ የጠዋቱ 0 አያስጨንቅዎ፣ ሲሞቅ ይነሳል የሚል ነበር ምክሩ። በ4ኛው ምላሽ ሌላ ሰው በጨዋ ቃል አረመው። የቡና ማሽን ውስጥ ያለው መለኪያ የእንፋሎትን ግፊት ነው የሚያሳየው፤ ግፊቱ ከሙቀቱ የሚመጣ በመሆኑ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ 0 መሆኑ ትክክል ነው። በዝግ መስመር ግን ግፊቱ እሳቱ ከመነሳቱ በፊት፣ ውሃው ቀዝቃዛ እያለ መኖር አለበት፤ ቀዝቅዞ 0 ያነበበ መስመር ውሃ የጎደለው መስመር ነው።

ነገሩን የቀየረው 5ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ሆቴልና ሆስፒታል ውስጥ ቦይለር ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ ጣሪያው ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ ከመለኪያው በስንት ሜትር ከፍ ይላል? ጠያቂዋ በገመድ አስለክተው በ6ኛው ምላሽ 5 ሜትር ያህል ነው አሉ።

በ7ኛው ምላሽ ባለሙያው መለኪያውም ቫልቩም ጤነኛ መሆናቸውን ነገሯቸው። 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ በታቹ 1 ባር ያህል ይጫናል፤ 5 ሜትር ደግሞ ግማሹን፣ ማለትም 0.5 ባር። ሮቶው መስመሩን መሙላት የሚችለው የራሱ ክብደት እስከሚገፋው ድረስ ነው፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት 0.5 ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ ቫልቩ እስከ ማታ ክፍት ቢሆን አንድ ጠብታ አይጨመርም። የመንገዱ ውሃ በሚመጣበት ቀን መርፌው 1.5 የሚደርሰው የመንገዱ መስመር ከሮቶው የበለጠ ግፊት ስላለው ነው። ቦይለሩ በ0.5 መቆለፉንም ትክክል ነው ብለዋል፤ ብዙዎቹ አምራቾች መቆለፊያውን እዚያው አካባቢ ያደርጉታል፤ ቀዝቃዛ ሳለ ሊነበብ የሚገባው ከ1 እስከ 1.5 ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የእሳቸው የቀድሞ ደንበኛ ቦይለር ለዚሁ ችግር F.22 ይል ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ከራሱ ከቦይለሩ መመሪያ ማንበብ እንጂ ከሌላ ሰው መስማት አይበቃም ብለው አሳስበዋል።

እኔ እንደማየው ለጅማና እንደ ጅማ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሳቸው ከተሞች ከዚህ ክር ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። የቦይለር መመሪያ የሚጻፈው የመንገድ ውሃ ቀን ከሌሊት በማይቋረጥበት አገር ነው፤ ቫልቩን ከፍተህ 1.2 እስኪደርስ ጠብቅ ይላል እንጂ ሮቶህ ዝቅ ያለ ከሆነ መቼም አይደርስም አይልም።

በ8ኛው ምላሽ አንድ የምህንድስና ተማሪ መጣ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቷል፤ ስለዚህ መለኪያው ከእውነተኛው 0.2 ያህል አሳንሶ እያነበበ ነው፣ 0.5 ሲል በእርግጥ 0.7 ነው ብሎ ተከራከረ። ባለሙያው በ9ኛው ሲመልሱ ቃላቸው ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር፦ ይህን አምኖ፣ ቆልፎ ያደረ ቦይለር ላይ ሪሴት የሚጫን ሰው እንዳይገኝ ሰግተዋል። እንዲህ ያለው መለኪያ የሚያነበው መስመሩ ከአካባቢው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ 5 ሜትር ውሃ ጅማም ላይ ጅቡቲም ላይ 0.5 ነው። ተማሪው ግን ሙሉ በሙሉ እንዳልተሳሳተም ነግረውታል። የአየሩ መሳሳት ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። አንደኛው፣ ጅማ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ግፊቱን ያጣ መስመር ከቆላ አገር ቀድሞ ይፈላል። ሁለተኛው፣ ውሃ ሲሞቅ የሚጨምረውን ትርፍ የሚቀበለው የማስፋፊያ ጋን ባሕር ጠለል ላይ 1.0 ባር አየር ተሞልቶ ከታሸገ፣ ጅማ ደርሶ ሲለካ 1.2 ገደማ ያሳያል። ተማሪው አመስግኖ፣ ለሁለተኛው ግን ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ ማየት እንደሚፈልግ ጽፎ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሻከረ። በ10ኛው ምላሽ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ይህን ሁሉ ማውራት ትርፍ ነው፣ ግፊት ሲጎድል ቦይለሩን የሚቆልፈውን ስዊች ሁለት ሽቦዎች ዳይሬክት ማድረግ ብቻ ይበቃል፣ እኔ ለአንድ ሰው እንዲህ አድርጌለት ወራት ሠርቷል አለ። 11ኛው መላሽ፣ ሆቴል ውስጥ በጥገና ክፍል የምትሠራ ሴት፣ ሳትሸፋፍን ነው የመለሰችለት። ያ ስዊች የተቀመጠው ሰውን ለማስቸገር አይደለም። ውሃ በጎደለው መስመር ላይኛው ክፍል አየር ይሞላል፣ ፓምፑ አየር ይዞ ይሽከረከራል፣ ውሃው ሳይንቀሳቀስ እሳቱ ከሥር ይነድበታል፤ ቦይለሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መለዋወጫ ላይ ውሃው እዚያው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። መጀመሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ብረቱ ይሰነጠቃል። እንግዶች በሚያድሩበት ቤት ይህን ለሰው መምከር ኃላፊነት የጎደለው መሆኑን ጽፋ፣ ወራት ሠራ የተባለው ቦይለር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለም ጠየቀችው። እሱ ቦይለሩ የሙቀት መቁረጫም እንዳለው፣ ያ ስለሚጠብቀው ችግር እንደሌለ መለሰ። መቁረጫ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያነበው እሱ የተገጠመበትን ቦታ ሙቀት እንጂ ባዶው ክፍል ያለበትን አይደለም ስትል ዘጋችው። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደሆነ ለእኔ የሚያጠራጥር አይደለም፤ አንድ መከላከያ ሌላው መከላከያ ሲነሳ ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ባለሙያው በ13ኛው ምላሽ ክሩን ወደ ጥያቄው መለሱት። 0.5ን አስረድተናል፣ ነገር ግን በመንገዱ ውሃ 1.5 የተሞላው መስመር ሌሊቱን ወደ 0 የሚወርድበትን ምክንያት ገና አልነካንም አሉ። አንድ ንባብ ስለ ጉድለት እንጂ ስለ ምክንያት አይናገርም፤ ለምክንያቱ ሁለት ንባብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመንገዱ ውሃ በሚቀጥለው ሲመጣ 1.2 ላይ ሞልተው፣ ቫልቩን ዘግተው፣ ከመለኮሱ በፊት ያለውን ቁጥር እንዲጽፉ፤ ከዚያ ውሃው 75 ዲግሪ ሲደርስ ያለውን ቁጥር እንዲጽፉ ጠየቋቸው። በተጨማሪም ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ውሃ ከሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ ተነስቶ በግድግዳው በኩል ወደ ግቢ የሚወጣውን ቧንቧ ፈልገው ከሥሩ ባልዲ እንዲያስቀምጡ፤ አፉን ግን በምንም ምክንያት እንዳይደፍኑት፣ የሚወጣውም ውሃ የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል ልጆች እንዳይጠጉት አስጠነቀቁ። ክረምት በመሆኑ ግቢው ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ከዚያ ቧንቧ ውሃ ቢወጣም እስካሁን ማንም ሊያስተውል አይችልም ነበር።

ጠያቂዋ ከቀናት በኋላ በ14ኛው ምላሽ የመጡት በጥሩ መረጃ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ 1.2 ነበር፤ እየሞቀ ሲሄድ መርፌው ሳያቋርጥ ወጣና 3 ላይ ቀዩ መስመር ደረሰ፤ ያን ጊዜ ግቢ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ሰሙ። ማታ ባልዲው ውስጥ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ተገኘ፤ ጠዋት መርፌው 0 ላይ ነበር።

15ኛው ምላሽ፣ የባለሙያው፣ የክሩ ልብ ነው ማለት ይቻላል። በመስመሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ከራዲያተሮቹ ቁጥር ተነስተው ወደ 100 ሊትር ገመቱት። 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 75 ዲግሪ ሲሞቅ 2.4 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ዝግ መስመር ውስጥ ደግሞ ይህ ትርፍ መሄጃ የለውም። መሄጃ እንዲሆነው ቦይለሩ ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ የማስፋፊያ ጋን ተገጥሟል፤ በውስጡ ባለ ጎማ በአንድ ወገን ውሃ በሌላው ወገን አየር ይዟል። የእሳቸው 8 ሊትር የሚይዝ ነው። አየሩ በ1.0 ባር ተሞልቶ ከሆነ ትርፉ ውሃ ጎማውን ገፍቶ ይገባል፣ አየሩ ይታመቃል፣ መርፌው ከ1.2 ተነስቶ 2.2 አካባቢ ይቆማል። አየሩ በዓመታት ውስጥ ሾልኮ ካለቀ ግን ጋኑ በውሃ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ 2.4 ሊትሩ የሚገባበት ስፍራ ስለሌለ መርፌው ወደ 3 ይወረወራል፤ ሴፍቲ ቫልቩም ተከፍቶ ውሃውን ግቢ ውስጥ ይጥለዋል። ሌሊት መስመሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው መጠኑን ይቀንሳል፤ የወጣው ግን ስለማይመለስ መርፌው 0 ላይ ያርፋል። እንግዲህ በየጠዋቱ የሚጎድለው ውሃ የሚወጣው በሚያፈስ ቦታ ሳይሆን በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ነው፤ በየቀኑ መሙላት ደግሞ ችግሩን አይፈታም፣ ይደግመዋል። ከዚህም በላይ በየቀኑ የሚገባው አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ራዲያተሮቹን ከውስጥ ያዝጋቸዋል።

በ16ኛው ምላሽ ቆጪ አካባቢ የሚኖር ሌላ ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ ገባ። የእሱም መስመር ሌሊቱን ግፊት ያጣል፤ ነገር ግን ሲሞቅ ከ2 አያልፍም፣ ከሴፍቲ ቫልቩም ቧንቧ አንድ ጠብታ አይወጣም። ጋኑን ይቀይር ዘንድ በዚሁ ክር ምክንያት ሊወስን ደርሶ ነበር። ባለሙያው ጠዋት መርፌው የት ላይ እንደሚያርፍ ጠየቁት፤ ሁልጊዜ 0.4 ላይ ነው፣ ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም አለ። ሮቶውስ? አራት ሜትር ከፍ ይላል።

ይህን ቦታ ሳነብ ጉዳዩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ከትንሽ ምልክት እንደሚነሳ አይቻለሁ። በ17ኛው ምላሽ ባለሙያው የጻፉት ይህ ነው፦ ወደ ውጭ የሚያፈስ መስመር ወደ 0 ይሄዳል፤ ሁልጊዜ 0.4 ላይ የሚቆም መስመር ግን ከ4 ሜትር ውሃ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። የመሙያው ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭም ተቸክሎ ቀርቷል። የመንገዱ ውሃ ሲቋረጥ 1.5 ግፊት ያለው መስመር 0.4 ወዳለው ሮቶ ይገፋል። ያ ማለት በቦይለሩና በዛገ ራዲያተር ውስጥ ሲዞር የነበረ ውሃ ቤተሰቡ ወደሚጠጣበት ውሃ ይገባል። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ጠቆር ብሎ ብረት ብረት እንደሚል ያን ጊዜ ነው የጠቀሰው። ባለሙያው የመሙያውን ቱቦ ዛሬውኑ እንዲፈታና ሁለቱንም አፍ በቡሽ እንዲዘጋ፣ ሮቶውንም አፍስሶ እንዲያጥበው ነገሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ መርፌው ቱቦው ከተፈታ ወዲህ ንቅንቅ እንዳላለ ጻፈ። ቀድሞ የገጠመለት ሰው መስመሩ ውስጥ የዝገት መከላከያ ኬሚካል ጨምሮ እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ሰውየውንም ሊያገኘው አልቻለም። ይህ ጥያቄ እንደተንጠለጠለ ነው የቀረው።

ወደ ጠያቂዋ ስንመለስ፣ ሥራውን እንዴት ይሥሩት የሚለውን 18ኛው ምላሽ በዝርዝር ይዟል። የጻፉት ባለሙያው ሲሆኑ፣ በ1ኛው ምላሽ የመጣው ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ራሱ ሄዶ ሊሠራላቸው ፈቃደኛ በመሆኑ የተነገረው ለእሱ ነው። መጀመሪያ የቦይለሩ ኤሌክትሪክና ጋዝ ይዘጋል፤ መስመሩ በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል ድረስ ይጠበቃል፤ ትኩስ መለዋወጫ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቀጥሎ መስመሩ ከታች ተከፍቶ መርፌው 0 እስኪል ይፈሳል፤ መክፈቻውም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጋኑ ላይ ያለው የአየር መግቢያ እንደ መኪና ጎማ ያለ ነው፤ ፒኑ ጫን ሲደረግ ከአየር ይልቅ ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል፣ መንፋት ትርፍ ነው፣ ጋኑ መቀየር አለበት። ውሃ ካልወጣ በብስክሌት ፓምፕ ቀስ እየተባለ ይነፋል፤ የሚገባው አየር በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በክፍቱ መክፈቻ እየገፋ ያስወጣዋል። ከዚያ ከጎሚስታ ቤት በሚገኝ መለኪያ 1.0 መሆኑ ይረጋገጣል። መስመሩ ግፊት እያለው ቢለካ መለኪያው የሚያነበው የውሃውን ግፊት እንጂ የጋኑን አየር ስላልሆነ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ጋኑ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል።

መሙላቱን በተመለከተ የሰጡት ምክር በመመሪያ ውስጥ ያላየሁት ነው። ሮቶው 1.2 ስለማያደርስ፣ የመንገዱንም ውሃ መጠበቅ ስለማያስፈልግ፣ የቧንቧ ሠራተኞች አዲስ መስመር ለመፈተሽ የሚይዙትን የእጅ ፓምፕ እንዲጠቀም ነገሩት። ፓምፑ ውሃውን የሚስበው ከራሱ ገንዳ ነው፤ ስለዚህ የመሙያው መስመር ከመጠጥ ውሃው ጋር ጨርሶ አይገናኝም፣ ቆጪ የደረሰው ነገርም እዚህ ሊደርስ አይችልም። ቱቦው ከመታሰሩ በፊት ውስጡ ያለው አየር በውሃ ይገፋል። የላይኛው ፎቅ ራዲያተሮች ማስተንፈሻ አየሩ አልቆ ውሃ ብቻ እስኪወጣ ይከፈታል፤ አየር ሲወጣ ግፊቱ ስለሚወርድ መልሶ መጨመር ያስፈልጋል። መስመሩ ከሞላ በኋላ ግን አንድ የፓምፕ ምት መርፌውን ብዙ ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል፣ ዓይን ከመለኪያው ሳይነቀል አንድ በአንድ መሆን አለበት። 1.2 ላይ ቫልቩ ይዘጋል፣ ቱቦው ይፈታል፣ አፉ በቡሽ ይዘጋል። ያን ጊዜ ብቻ ሪሴት ይጫናል። አንድ ጊዜ ተጭኖ መልሶ ከቆለፈ ደጋግሞ መጫን ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

11ኛዋ መላሽ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፤ ከ1.2 ይልቅ 1.5 ቢሞላ መቆለፉ ይዘገያል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ነገር ግን 8 ሊትር ጋንና 100 ሊትር መስመር ባለበት ቤት ያ ከላይ እስከ 3 ያለውን ቦታ ይበላል አለች። ባለሙያው ተስማምተዋል። ከፍተኛው ራዲያተር ከመለኪያው 3 ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል ውሃው እዚያ ለመድረስ 0.3 ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከመቆለፊያው ግፊት ለመራቅ ነው።

ጠያቂዋ በ20ኛው ምላሽ ውጤቱን አሳወቁ። ፒኑ ሲጫን አየርም ውሃም አልወጣም ነበር፤ ሲነፋ ግን ብዙ ውሃ ከታች ወጣ፣ አየሩም 1.0 ላይ ቆመ። ቀዝቃዛ 1.2፣ ትኩስ ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ፤ በማግስቱ ጠዋት ቦይለሩ ሳይቆልፍ አገኙት። ወጣቱን ሠራተኛም በሁሉም ፊት አመሰገኑ።

ቢሆንም ክሩ በዚህ አልተዘጋም። ከአንድ ሳምንት በኋላ መርፌው ቀዝቃዛ ሳለ 1.1 ሆኗል፤ ባልዲው ውስጥም በየሌሊቱ ጥቂት ጠብታ ይገኛል። 22ኛው መላሽ፣ ደጋግሞ የተከፈተ ሴፍቲ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ስለሚይዝ ሳይጠራጠሩ መቀየር ነው አለ። ባለሙያው ቫልቩን አንዴ አዙሮ ቆሻሻውን ማጠብ መሞከር እንደሚቻል፣ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የባሰ ሊያንጠባጥብ ስለሚችል መቀየሪያው በእጅ ሳይኖር መንካት እንደማይገባ ጻፉ። ጠያቂዋ መርካቶ ወርደው የተሰጣቸው ለኤሌክትሪክ የውሃ ማሞቂያ የሚሆን፣ በ6 ባር የሚከፈት ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተመልሶ መጥቶ፣ መጠኑ ከገጠመ ይገጠም፣ ከሚያንጠባጥብ ይሻላል አለ። 11ኛዋ ይህን በጽኑ ተቃወመች፤ ባለሙያውም የዚያ መስመር ክፍሎች ሁሉ የተሠሩት 3 ባር ላይ ይለቀቃል ተብሎ ስለሆነ፣ 6 መግጠም መከላከያውን ከማንሳት የማይለይ መሆኑን ጻፉ። የሚያንጠባጥበው 3 የማያንጠባጥበውን 6 ይበልጣል አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ምላሾች 3 ባር የሆነውን ቫልቭ አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የሚጠይቁ ናቸው፤ እስካሁን የመለሰ የለም። ጠያቂዋ ጠዋት ቀዝቃዛውን፣ ከሰዓት ትኩሱን ቁጥር ቦይለሩ አጠገብ በተለጠፈ ወረቀት ላይ እየጻፉ ነው፤ ቀዝቃዛው 0.8 ሲደርስ እንደገና በእጅ ፓምፑ እንዲሞላላቸው ከወጣቱ ጋር ተነጋግረዋል።